ኮድ ተፈቅዶ የሚሰጥ ፈተና፦ አንቀጹ ከተገኘ በኋላ ያለው ሥራ

ተማሪዎች በተለምዶ ኦፕን ቡክ የሚሉት፣ መጽሐፍ ተከፍቶ የሚሰጥ ፈተና በሕግ ትምህርት ውስጥ የታወቀ ነው። ተማሪው ምንም ማስታወሻ ያልተጻፈበት ኮድ፣ ማለትም የፍትሐ ብሔር ሕግን የመሰለ የሕግ መጽሐፍ፣ ወይም አዋጅ ይዞ ይገባል፤ አንቀጾቹን በቃሉ ስላልያዘ አይጠየቅም። ይህ ፈቃድ ግን ፈታኙ ላይ ከባድ ግዴታ ይጥላል። «የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በምን ዓይነት ፎርም መደረግ አለበት?» ብሎ ከጠየቀ፣ ተማሪው ማውጫውን አይቶ አንቀጽ 1723ን ያገኛል፣ ይገለብጣል፣ ሙሉ ማርክ ይወስዳል። በዚህ መንገድ የተለካው ገጽ የመግለጥ ፍጥነት ብቻ ነው። መጽሐፉ መከፈቱ ትርጉም የሚኖረው የጥያቄው መልስ በየትኛውም ገጽ ላይ ተጽፎ ሳይገኝ፣ ተማሪው ሦስትና አራት ምንጮችን አገናዝቦ ራሱ የሚደርስበት ሲሆን ነው።

«አገናዝቦ» ሲባል ግን ብዙ ምንጮችን መጥቀስ ማለት አይደለም። አንድ ጥያቄ አምስት አንቀጾችን የሚነካ ሆኖ አሁንም የፍለጋ ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ አምስቱ አንቀጾች አንዱ ከሌላው ጋር ምንም ጉዳይ ከሌላቸው ተማሪው አምስት ጊዜ ፈልጎ አምስት ጊዜ ይገለብጣል እንጂ የሚያገናዝበው ነገር የለም። የማገናዘብ ጥያቄ የሚባለው እያንዳንዱ ምንጭ ለብቻው ሲነበብ ወደ ስሕተት ወይም ወደ ጎደለ መልስ የሚወስድ፣ አንዱ ምንጭ የሌላውን ትርጉም የሚያጠብ፣ የሚያሰፋ ወይም የሚገታ ሲሆን ነው። ይህንን በደፈናው ከማስረዳት አንድ ጥያቄ ይዞ እስከ መጨረሻው መሄድ ይሻላል።

ጥያቄው ይህ ነው። ባልና ሚስት በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተጋቡ። በ2003 ዓ.ም. ቤት ሠሩ፤ የቤቱ ካርታ የወጣው በባል ስም ብቻ ነው። ሚስት ለሥራ ውጭ አገር በሄደችበት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ባል ቤቱን ለሌላ ሰው ሸጠ። ውሉ በጽሑፍ ተደርጓል፤ ሻጭና ገዢ ፈርመዋል፤ ሁለት ምስክሮችም ፈርመውበታል፤ ውልና ማስረጃ ቀርቦ ግን አልተመዘገበም። ሚስት ሽያጩን ያወቀችው ሚያዝያ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ኅዳር 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ውሉ እንዲፈርስ ክስ አቀረበች። ገዢው «ካርታው በሻጩ ስም ነው፣ ዋጋውንም ከፍያለሁ» ሲል ይከራከራል። ባልም ቤቱን መሸጡን አይክድም። ሚስት ማሸነፍ አለባት ወይ?

ከጥያቄው ጋር ተማሪው የሚጠቀምባቸው ምንጮች ተዘርዝረዋል፦ የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ እንዲሁም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ስለ አንቀጽ 1723 የሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች አጭር መግለጫ። ዝርዝሩ ራሱ የፈተናው አካል ነው፤ ተማሪው የትኛው ምንጭ ጉዳዩን እንደሚወስንና የትኛው መስሎ ብቻ እንደሚታይ መለየት አለበት።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚይዙት ሕገ መንግሥቱን ነው፤ የሁሉ የበላይ ስለሆነ ከእርሱ መጀመር ትክክል ይመስላል። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥ እንደማይለወጥም ይደነግጋል። ከዚህ ተነሥቶ «ስለዚህ ሽያጩ ከመጀመሪያው ሕገ ወጥ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7 ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለውና መብቱ የመሸጥንም እንደሚጨምር ይናገራል። በጥያቄያችን የተሸጠው ቤት ነው። ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው ቤት መሸጥ የሚቻል መሆኑን ብቻ ሲሆን፣ ማን ሊሸጠው እንደሚችልና እንዴት እንደሚሸጥ የሚወስኑት ከሥሩ ያሉት ሕጎች ናቸው። ጥሩ መልስ ይህንን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ያልፋል። አንድ ገጽ ሙሉ የጻፈበት ተማሪ ምንጩ ያለውን ክብደት በጉዳዩ ላይ ካለው ክብደት ጋር አምታቷል።

ቀጥሎ የቤቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ይመጣል። ካርታው በባል ስም መሆኑ ለገዢው ትልቅ ነገር ይመስላል። የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 ግን በአንደኛው ተጋቢ ስም የተመዘገበ ንብረት እንኳ ቢሆን፣ ያ ተጋቢ የግሉ ብቻ መሆኑን ካላስረዳ በቀር የጋራ ሀብት ተብሎ እንደሚገመት ይደነግጋል። ቤቱ የተሠራው ጋብቻው ከተፈጸመ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ባል ከውርስ ወይም ከስጦታ ያገኘው ስለመሆኑ የቀረበ ነገር የለም። እዚህ ላይ የሚፈለገው የሕጉ ግምት ከሁለቱ ቀኖች፣ ከ1998 እና ከ2003፣ ጋር መያያዙ ነው። አንቀጹን ጠቅሶ ቀኖቹን ያልነካ ተማሪ ሕጉን አግኝቶታል እንጂ ሥራ ላይ አላዋለውም።

ቤቱ የጋራ ከሆነ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። የሚስት ስምምነት አልነበረም። አንቀጽ 69 ደግሞ ይህ ሲጣስ ሌላኛው ተጋቢ ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በጥድፊያ ላይ ያለ ተማሪ እዚህ ሲደርስ «ስለዚህ ታሸንፋለች» ብሎ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። የአንቀጽ 69 ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ ግን ጥያቄው ተጋቢው ስለ ግዴታው ካወቀበት ቀን ጀምሮ ከስድስት ወር በኋላ፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ግዴታው ከተገባ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊቀርብ እንደማይችል ይናገራል። ውሉ የተደረገው ታኅሣሥ 2012፣ ክሱ የቀረበው ኅዳር 2014 ስለሆነ ሁለት ዓመቱ አልሞላም። ከሚያዝያ 5 ቀን 2013 ጀምሮ ሲቆጠር ግን ስድስት ወሩ ጥቅምት ውስጥ አልቋል። ሁለቱ ጊዜያት አማራጮች አይደሉም፤ አንዱ እንኳ ካለፈ በሩ ይዘጋል። ፈታኙ የክሱን ቀን ኅዳር ላይ ያስቀመጠው ሁለት ዓመቱን ብቻ ያየው ተማሪ ስድስት ወሩን ካየው እንዲለይ ብሎ ነው። ቀኑ መስከረም ቢሆን ኖሮ ሚስት በአንቀጽ 69 ብቻ መብቷን ማስከበር ትችል ነበር፤ ጥያቄውም ከዚህ በኋላ የሚቀረው ነገር ባልኖረው ነበር።

አሁን የቤተሰብ ሕጉ ብቻውን ሲነበብ ሚስት ትሸነፋለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 1723 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት መብት የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሚያዋውል ሹም ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። አንቀጽ 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ውሉ ከረቂቅነት እንደማያልፍ ይናገራል። ሰበር ሰሚ ችሎቱም በሰበር መዝገብ ቁጥር 21448፣ በ1999 ዓ.ም. በሰጠው ውሳኔ፣ ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል በሕግ ፊት እንደማይጸና ወስኗል። ችሎቱ የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የሥር ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ተማሪው ይህንን ውሳኔ እንደ አንድ ጸሐፊ አስተያየት አይቶ ሊያልፈው አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን ችሎቱ አቋሙን ጠበብ አድርጎ፣ ሻጩ መሸጡን ካልካደ የምዝገባ አለመኖር ብቻውን ውሉን እንደማያፈርሰው ወስኗል። በእኛ ጉዳይ ባል መሸጡን አምኗል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ውሳኔ ብቻ ያነበበ ተማሪ ውሉን ያፈርሰዋል፤ ሁለተኛውን ብቻ ያነበበ ያጸናዋል፤ ሁለቱንም አንብቦ «የኋላው የፊተኛውን ይሽራል» ብሎ የዘጋውም ቢሆን ገና አልጨረሰም።

ያልጨረሰበት ምክንያት ሁለተኛው ውሳኔ የሚናገረው ስለ ማን እንደሆነ ስላልጠየቀ ነው። በዚያ ክርክር ውስጥ የነበሩት ሻጭና ገዢ ናቸው። ቤቱን ሸጦ ዋጋውን የተቀበለ ሰው ቆይቶ «አልተመዘገበምና ይፍረስልኝ» ቢል ራሱ በፈጠረው ጉድለት እንዲጠቀም መፍቀድ ይሆናል፤ የውሳኔው ፍሬ ነገር ይህ ነው። የእኛዋ ሚስት ግን ምንም አልሸጠችም፣ ምንም አላመነችም። ጥያቄው ስለዚህ «የባል እምነት ቃል የሚስትን መብት ሊያስቀር ይችላል ወይ?» ወደሚለው ይለወጣል። ይህን ጊዜ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1808 ንዑስ አንቀጽ 2 ተፈላጊ ይሆናል፤ በሕግ በታዘዘው ፎርም ያልተደረገ ውል እንዲፈርስ ከተዋዋዮቹ ማንኛቸውም ብቻ ሳይሆኑ ጥቅም ያለው ሦስተኛ ወገንም ሊጠይቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የጋራ ቤቷ የተሸጠባት ሚስት ጥቅም የላትም ለማለት እጅግ ይከብዳል።

የጥያቄው ልብ እዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለውንም የትኛውም ማውጫ አያሳይም። በአንድ በኩል የገዢው ጠበቃ የሚለው አለ፦ ሕግ አውጪው ያለ ስምምነት ለተደረገ ሽያጭ ለተጋቢዎች የተለየ መፍትሔና አጭር ጊዜ አስቀምጧል፤ ያንን ጊዜ ያሳለፈች ሚስት በሌላ በር ተመልሳ እንድትገባ ከተፈቀደላት የስድስት ወሩ ገደብ ከንቱ ይሆናል፤ ልዩ ሕግም ከጠቅላላ ሕግ ይቀድማል። በሌላ በኩል ደግሞ የሚስት ጠበቃ ሁለቱ የመፍረስ ምክንያቶች የተለያዩ መሆናቸውን ያነሣል። አንቀጽ 69 የሚመለከተው የስምምነትን ጉድለት ነው፤ አንቀጽ 1808 የሚመለከተው የፎርምን ጉድለት ነው። ሚስት ተስማምታ ቢሆን ኖሮ እንኳ የምዝገባው ጉድለት በቦታው ይቆይ ነበር። የአንዱ ምክንያት ጊዜ ማለፉ ከእርሱ ጋር ያልተያያዘውን ሌላ ምክንያት ይዞት አይሄድም። በእኔ እምነት የሁለተኛው ክርክር ይበልጣል፤ በተለይ የሰበሩ ሁለተኛ ውሳኔ ያመነ ተዋዋይ እንዳይጠቀም የታሰበ ሆኖ ሳለ ምንም ባላመነች ሰው ላይ ከተጫነ፣ ሕጉን ጥሶ የሸጠው ባል በአንዲት «አዎ ሸጫለሁ» በምትል ቃል ሕግ ያዘዘውን ምዝገባ በሚስቱ ላይ ዋጋ ሊያሳጣው ይችላል ማለት ይሆናል። ይሁንና የመጀመሪያውን ክርክር መርጦ የሁለተኛውን ክብደት ያላሳነሰ ተማሪ ከእኔ ጋር ባይስማማም ማርኩን ሊያጣ አይገባም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በእርግጥ ምንጮችን የሚያገናኝ መሆኑን ፈታኙ ከፈተናው በፊት ሊያረጋግጥ የሚችልበት ቀላል መንገድ አለ። ከምንጮቹ አንዱን በሐሳቡ ያወጣና የሞዴል መልሱ ይለወጥ እንደሆነ ያያል። አንቀጽ 63 ቢወጣ ቤቱ የባል ይመስላል፤ አንቀጽ 69 ቢወጣ የጊዜው ችግር ይጠፋል፤ ሁለተኛው የሰበር ውሳኔ ቢወጣ ሚስት ያለ ብዙ ክርክር ታሸንፋለች፤ አንቀጽ 1808 ቢወጣ ደግሞ የምትቆምበት መሠረት ታጣለች። እያንዳንዱ ሲወጣ መልሱ ይናጋል። ሕገ መንግሥቱ ብቻ ቢወጣ ብዙም አይለወጥም፤ እርሱ የገባው ለማሳሳት ታስቦ ስለሆነ ይህ ይጠበቃል። ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ምንጭ ካለ ግን ጥያቄው የማገናዘብ ችሎታን መለካት ትቶ የንባብ ፍጥነትን መለካት ይጀምራል። የምንጮች ብዛት በራሱ የክብደት ምልክት አይደለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከአራት ወይም ከአምስት በላይ ምንጭ አንብቦ ማስማማት ለብዙ ተማሪ አይቻልም፤ በሁለተኛ ቋንቋው ለሚያነብና ለሚጽፍ ደግሞ ይብሳል።

የተማሪው መልስ ማገናዘብን የያዘ መሆኑ የሚታወቅበትም ምልክት አለ። የመልሱን አንቀጾች ቅደም ተከተል በሐሳብ ማዛነቅ ነው። «በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት…»፣ «በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 መሠረት…»፣ «በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት…» እያለ የሚሄድ መልስ የፈለጉትን ክፍል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ቢያዛውሩት ምንም አይጎድለውም፤ ምክንያቱም ክፍሎቹ አይተዋወቁም። አገናዝቦ የተጻፈ መልስ ግን ይህን አይቀበልም። «አንቀጽ 69 በጊዜ ምክንያት ስለተዘጋ፣ ሚስት በፎርም ጉድለት ላይ መመሥረት ይኖርባታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከፊቱ ያለውን ሳያነቡ ትርጉም አይሰጥም። አራሚው ማርኩን ማስቀመጥ ያለበት እነዚህ መጋጠሚያዎች ላይ ነው። ጥያቄው ከሃያ የሚታረም ቢሆን፣ አንቀጾቹን አግኝቶ በትክክል ለመጥቀስ ከሦስት ማርክ በላይ አልሰጥም፤ የጋራ ሀብት ግምቱን ከቀኖቹ ጋር ላያያዘ አራት፣ የስድስት ወሩንና የሁለት ዓመቱን ግንኙነት ለለየ አራት፣ ሁለተኛው የሰበር ውሳኔ ለሚስት ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ከአንቀጽ 1808 ጋር አጋጥሞ ለተከራከረ ስድስት፣ አቋሙን ግልጽ አድርጎ ተቃራኒውን ክርክር ላልሸሸገ ሦስት እሰጣለሁ። ይህ ክፍፍል ለተማሪዎቹ ከፈተናው በፊት ቢነገራቸው ጥያቄውን አያቀልባቸውም፤ ጽሑፍ በመገልበጥ የሚያባክኑትን ጊዜ ግን ያስተርፍላቸዋል። አራሚዎች ሁለት ከሆኑም ክፍፍሉ ተጽፎ ካልተቀመጠ አንዱ አሥራ ስድስት የሰጠውን ሌላው ዘጠኝ ሊሰጠው ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ፈተና ላይ ከሚቀርቡት ቅሬታዎች ትክክለኛው ይህ ነው።

ለሚፈተነው ሰው የሚጠቅመው ነገር ከዚህ ይከተላል። ጥያቄው ሲደርሰው ኮዱን ወዲያው አይክፈት። መጀመሪያ ሰዎቹንና ቀኖቹን በትርፍ ወረቀት ላይ ያውጣ፦ ማን ምን አደረገ፣ መቼ፣ ማን መቼ አወቀ፣ ማን ምን አመነ። ከዚያ በኋላ ነው ምንጮቹን የሚያነበው፤ ለእያንዳንዱም ስለ ማን እንደሚናገር፣ የትኛውን ፍሬ ነገር እንደሚፈልግ፣ መቼ መሥራት እንደሚያቆም ይጠይቃል። የሰበሩን ሁለተኛ ውሳኔ በተመለከተ «ስለ ማን?» ብሎ የጠየቀ ተማሪ «ስለ ሻጭና ገዢ» የሚል ማስታወሻ ይጽፋል፤ ሚስት ከሁለቱም አለመሆኗን በዚያው ቅጽበት ያያል። በአንድ ሰዓት ፈተና አሥራ አምስት ደቂቃ በዚህ ላይ ቢያልፍ የባከነ ጊዜ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በሦስተኛው ደቂቃ መጻፍ የጀመረው ነው፤ የጀመረበትን አንቀጽ ትቶ ለመመለስ ስለሚከብደው የኋላውን ምንጭ ሁሉ ለመጀመሪያው ሐሳቡ ድጋፍ አድርጎ ያነበዋል።

ፈታኙም ጥያቄውን በሚቀጥለው ዓመት ሙሉ በሙሉ መጣል አያስፈልገውም። የክሱን ቀን ቢለውጥ፣ ባል ሽያጩን ቢክድ፣ ወይም ቤቱ ከአዲስ አበባ ወጥቶ የራሱ የቤተሰብ ሕግ ባለው ክልል ውስጥ ቢሆን፣ የሚገናኙት ምንጮችና የሚገናኙበት ቦታ ይለወጣሉ። ባል ሽያጩን ከካደ ለምሳሌ ሁለተኛው የሰበር ውሳኔ ከጨዋታ ይወጣል፤ ክርክሩም በመዝገብ ቁጥር 21448 ላይ ይቆማል፤ ባለፈው ዓመት የተሰጠውን መልስ ሸምድዶ የገባ ተማሪም ስለ እምነት ቃል የጻፈው ሁሉ ከጉዳዩ ጋር እንደማይገናኝ አራሚው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያየዋል።